የዘጠና ብሩ ንግግር

ሊቀ መንበራችን መምህር ፍቅርተማርያም ንግግር ይወዳሉ። ሌላው ሰው ምሳ ይወዳል፣ እሳቸው ንግግር ይወዳሉ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ታሪክ ሲያስተምሩ፣ ከዚያም ውስጥ ዘጠኙን ዓመት ርዕሰ መምህር ሆነው በየማለዳው ሰልፍ ላይ ማይክራፎን ሲጨብጡ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ መንግሥት አበላቸውን ሰጣቸው፤ ማይክራፎኑን ግን ቀማቸው። እኛ መለስንላቸው። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አድርገን መረጥናቸው።

እኔ ሒክማ እባላለሁ፤ የማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባላት አሉን። ከጎንደር ገበያ ነጋዴው፣ ከፀዳና ከአዘዞ ደመወዝተኛው፣ ከትክል ድንጋይ ደግሞ ገበሬው። ሁሉም በየወሩ ይቆጥባል፣ አቅሙ ሲፈቅድ ዕጣ፣ ማለትም አክሲዮን፣ ይገዛል፣ ሲቸግረው ይበደራል። የአንድ ዕጣ ዋጋ አምስት መቶ ብር ነው። ከተበዳሪው ወለድ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ላይ ለቆጣቢው ወለድ ተከፍሎ፣ ደመወዝና የቤት ኪራይ ተነሥቶ የሚቀረው ትርፍ ይባላል። ትርፉ በዓመት አንድ ጊዜ በጠቅላላ ጉባዔ ይነገርና ለባለ ዕጣዎች ይከፋፈላል። ቀላል ነገር ነው፤ ንግግር ካልገባበት።

የአምናውን ንግግር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን እኔ እጽፋለሁ፣ ጌጡን እሳቸው ይጨምሩበታል። አዳራሹ ውስጥ ቆመው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑን አስረዱ፤ ድር ቢያብር አንበሳ እንደሚያስር አስረዱ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዚህ ዓመት አንዲት ዕጣ፣ ዘጠና ብር ወለደች» አሉ። ሕዝቡ በጭብጨባ አዳራሹን ሊያፈርሰው ደረሰ። በአምስት መቶ ብር ላይ ዘጠና ብር፣ ማለትም ከመቶ አሥራ ስምንት መሆኑ ነው።

ከዘጠና ብሩ በኋላ ግን እኔ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «በዓመቱ መሀል የተገዛ ዕጣ የሚታሰበው ማኅበሩ ውስጥ በቆየበት ወር ልክ ነው።» መምህር ዘለሉት። በኋላ ስጠይቃቸው፣ «ከዘጠና በኋላ እሱ ሲመጣ ዜማውን ይሰብረዋል» አሉኝ። እኔስ በዚያ ሰዓት ምን አደረግኩ? ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ መዘለሉን በጆሮዬ ሰምቼ፣ ከሰው ጋር አጨበጨብኩ።

ወሬ ደግሞ እግር የለውም እንጂ መንገድ አያጣም። የኛ የበጀት ዓመት ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ግንቦት ላይ ገበያው ውስጥ፣ ማኅበር ቤቱ፣ ለቅሶ ቤቱ፣ «እስከ ሰኔ ሠላሳ የገዛ ሁሉ ዘጠና ዘጠና ብር ያገኛል» ተባለ። ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ገዝቶ አንድ ሌሊት የተኛ ሰው በማግሥቱ ከመቶ አሥራ ስምንት ይዞ ይነሣል ማለት ነው። እንዲህ ያለ በረከት በምድር ላይ ቢኖር ኖሮ ባንኮቹ ራሳቸው በራችን ላይ ተሰልፈው ባደሩ ነበር። እንደዚህ ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

በሰኔ ወር ብቻ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዕጣ ሸጥን። ከዚያ በፊት በስምንት ዓመት የተሸጠው በሙሉ አራት ሺህ ሁለት መቶ ነበር። ይባስ ብሎ አንዳንዱ የዕጣውን መግዣ ከኛው ከማኅበሩ ተበደረ። በአንዱ ጠረጴዛ በመቶ አሥራ ስድስት ወለድ ብድር ይወስዳል፣ በሌላው ጠረጴዛ ዕጣ ይገዛል። ገንዘቡ ከክፍሉ ሳይወጣ ሁሉም ሰው ሀብታም ሆነ። መምህር ፍቅርተማርያምም ለአርአያነት ሲሉ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ተበድረው ሦስት መቶ ዕጣ ገዙ። አሥራ ስምንት ሲቀነስ አሥራ ስድስት፣ ሁለት ከመቶ በእጄ ይቀራል ብለው ነው። ያስተማሩት ታሪክ መሆኑን ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ።

አያ ክንዱ የመጣው ሰኔ ሃያ አራት ቀን ነው። የትክል ድንጋይ ገበሬ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲቆም አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ። ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ የተከፈተበትን ቀን ጠብቆ ነው የመጣው። ከጋቢው ሥር ጥቁር ፌስታል አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ሰባ ሺህ ብር ነው።

«አዲስ አባል ልሆን ነው» አለኝ። «በሙሉ ዕጣ አድርጊልኝ።»

«ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው አያ ክንዱ?»

«ዳልቻውን በሬ ሸጬ።»

«በሰኔ?» አልኩት። የገበሬ ልጅ አይደለሁም፤ ከአያቶቼ ጀምሮ ጨርቅ ስንሸጥ የኖርን የከተማ ሰዎች ነን። ቢሆንም ሰኔ የእርሻ ወር መሆኑን፣ በሰኔ በሬ የሚሸጥ ገበሬ ቤቱን እንደሚሸጥ ሰው መሆኑን አላጣውም።

«በሰኔ ነው ዋጋ ያለው» አለ በኩራት። «መቶ አርባ ዕጣ፣ በዘጠና ብር፣ አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። ልጄ ቆጥሮልኛል። ሸጋ ነው። በጥቅምት ትርፌን እወስድና ከዋናው ጋር አድርጌ የተሻለ በሬ እገዛለሁ።»

የልጁ ማባዛት ልክ ነበር። የተሳሳተው ዘጠናው ነው፤ ዋናውን መልሶ እወስዳለሁ ማለቱም ስሕተት ነው፤ ዕጣ እንደ ቁጠባ በፈለጉ ጊዜ አይወጣም። «አያ ክንዱ፣ ይሄ እኮ የሚታሰበው…» ብዬ ስጀምር ከጀርባዬ መምህር እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። «ሒክማ፣ ሰልፉን ተመልከቺው» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ማመልከቻውን እዚያው ፈረሙለት። ሰልፉን ተመለከትኩት። እውነትም ረጅም ነበር። ደረሰኙን ቆርጬ፣ ማኅተሙን መትቼ ሰጠሁት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። አያ ክንዱ የብብቱን አውርዶ በገዛ እጁ ቆጥ ላይ ሰቀለው፤ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ጥቅምት ላይ ኦዲቱ አለቀ። ትርፉ እንዲያውም መልካም ነበር። መጠባበቂያው ሲነሣና ለትምህርትና ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚመደበው ሲነሣ፣ ለክፍፍል ሦስት መቶ ሰባ ስምንት ሺህ ብር ቀረ። የሰኔው ዕጣ ባይመጣ ኖሮ ለአራት ሺህ ሁለት መቶ ሲካፈል አሁንም ዘጠና ብር ነበር። የሰኔው ዕጣ ግን መጥቷል፤ የቆየውም አንድ ወር ነው። በደንባችን መሠረት ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዕጣ ለአንድ ወር ሲታሰብ፣ ዓመት ሙሉ እንደቆየ አንድ መቶ ሰባ አምስት ዕጣ ይቆጠራል። ሁሉንም ደምሬ አካፈልኩት። ዓመት ለቆየ ዕጣ ሰማንያ ስድስት ብር ከአርባ ሳንቲም ደረሰው። ለሰኔው ዕጣ የዚያ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ ሰባት ብር ከሃያ።

ንግግሩን ጽፌ ለመምህር ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ።

«ሰባት ብር ከሃያ ሳንቲም» አሉ። «ሒክማ፣ ይሄን በማይክራፎን ማለት አይቻልም።»

«ያለ ማይክራፎንም ያው ሰባት ከሃያ ነው መምህር።»

«እኩል እናካፍለው። አሮጌ ዕጣ፣ አዲስ ዕጣ እያልን አባሉን ለምን እንከፋፍላለን? ለስድስት ሺህ ሦስት መቶ ሲካፈል ስንት ይመጣል?»

«ስድሳ ብር።»

«ስድሳ» አሉ፣ እያጣጣሙት። «ስድሳ ክብ ነው። ይነገራል።»

ለመሸጫና ለመግዣ ብቻ ሳይሆን ለመናገሪያም ቁጥር እንዳለ ያን ዕለት ተማርኩ። ደንቡን አስታወስኳቸው። ደንብ ለሰው ነው እንጂ ሰው ለደንብ አልተፈጠረም አሉኝ። እኔም ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ፤ «የእርስዎ ሦስት መቶ ዕጣ በደንቡ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስድሳ ብር ነው፤ በእኩል ከሆነ ደግሞ አሥራ ስምንት ሺህ» አልኳቸው።

ወረቀቱን አስተካክለው አጠፉ። «ይሄ ከግል ጉዳይ ጋር አይገናኝም» አሉ። ቀጥለውም፣ የጤናዬን ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው ለስለስ ብለው፣ «ያንቺ የሥራ ውል የሚታደሰው ታኅሣሥ ላይ ነበር አይደል?» አሉኝ።

ጉባዔው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፀዳ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተደረገ። ሁለት መቶ አርባ አባል መጣ። ምልዓተ ጉባዔው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ልመና ሞላ፤ ሌላ ዓመት ስልክ እየደወልን ነበር የምንሞላው። አያ ክንዱ ከሚስቱ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ እትዬ ምሥራቅ ትባላለች። አጠር ያለች፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። እንደ ደረሰች መጥታ ጨበጠችኝና፣ «በሬያችን እዚህ ሥራ ገብቷል አለኝ፤ ደመወዙን ልቀበል መጣሁ» አለችኝ። አልሳቀችም። አያ ክንዱ ጣሪያውን ያይ ነበር።

መምህር ማይክራፎኑን ጨበጡ። ከሎሚው ጀመሩ። ከሎሚው ወደ ድሩ፣ ከድሩ ወደ አንበሳው ሄዱ። ከዚያ እኔ ወደ ጻፍኩት ገቡ፤ እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ጥሩ አስረዱ።

«ወንድሞችና እኅቶች፣ ትርፍ ከሰማይ አይወርድም። በዚህ ዓመት ከብድር ወለድና ከልዩ ልዩ አገልግሎት አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ገባ። ይህ የማን ገንዘብ ነው? ከመሀላችሁ የተበደረው ሰው የከፈለው ነው። ከዚህ ላይ ለቆጠባችሁት ገንዘብ ወለድ ከፈልን፤ ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ወረቀት ከፈልን፤ መክፈል ላቃተው ተበዳሪ መጠባበቂያ ያዝን። ይህ ሁሉ ስምንት መቶ ሰማንያ ሺህ ነው። ስድስት መቶ ሺህ ብር ተጣርቶ ተረፈ። ደንባችን ከትርፉ ሠላሳ በመቶውን ለመጠባበቂያ አስቀምጡ ይላል። መቶ ሰማንያ ሺህ አስቀመጥን። ይህ አይበላም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ማኅበሩ የሚቆምበት ምሰሶ ነው። ከቀረው ላይ አሥር በመቶው፣ አርባ ሁለት ሺህ፣ ለትምህርትና ለማኅበራዊ አገልግሎት። የሚከፋፈለው ሦስት መቶ ሰባ ስምንት ሺህ።»

ይህን ሁሉ ቁጥር ማንም አልያዘውም፤ የሚጠብቀው የመጨረሻውን ብቻ ነው። መምህር ድምፃቸውን እንደ አምናው ዝቅ አደረጉ።

«የሥራ አመራር ኮሚቴው አሮጌና አዲስ ሳይል፣ ያለ አድልዎ፣ ለእያንዳንዱ ዕጣ ስድሳ ብር እንዲከፈል ለጉባዔው አቅርቧል።»

ያጨበጨበ የለም። አሮጌዎቹ አባላት አምና ዘጠና ስለነበር ተቆጡ፤ የሰኔዎቹ ዘጠና ስለተባሉ ተቆጡ። መምህር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ወገን አሳዘኑ፤ ይህም ራሱ አንድ ዓይነት እኩልነት ነው።

በርበሬ የምትሸጠው ወይዘሮ ወርቅውሃ ተነሣች። ሃያ ዕጣ አላት፤ በስምንት ዓመት አንድ በአንድ የገዛቻቸው ናቸው። «ትርፉ ካምናው አነሰ አላላችሁም። ታዲያ የኔ ሠላሳ ብር ማን ቤት ገባ?» ብላ ጠየቀች።

መምህር ስለ አንድነት መለሱላት። እሷ ግን የጠየቀችው ስለ ሠላሳ ብር ነው። የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ወደኔ ዞሮ፣ «የሒሳብ ሠራተኛዋ ታስረዳ» አለ። መምህር በዓይናቸው ታኅሣሥን አስታወሱኝ።

ተነሣሁ። ማይክራፎኑን ስላልሰጡኝ በድምፄ ተናገርኩ። ደንባችን ዕጣ በቆየበት ወር ልክ ይታሰባል እንደሚል፣ በዚያ መሠረት ዓመት የቆየ ዕጣ ሰማንያ ስድስት ከአርባ፣ የሰኔው ሰባት ከሃያ እንደሚደርሰው ተናገርኩ። በእኩል ይሁን ከተባለ ደንቡ መሻሻል እንዳለበት፣ ለዚያም ከተገኘው አባል ሁለት ሦስተኛው፣ መቶ ስድሳ ሰው እጁን ማውጣት እንዳለበት ነገርኳቸው። ለወይዘሮ ወርቅውሃም በስድሳ ብር ሒሳብ ከእሷ አምስት መቶ ሃያ ስምንት ብር ተነሥቶ ለሰኔ ገዢዎች እንደሚሄድ ነገርኳት። «ይሄ አምናም ተጽፎ ነበር፤ ሳይነበብ ቀረ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰባት ከሃያ የሚለው ቃል ረድፍ በረድፍ ወደ ኋላ ሄደ። አያ ክንዱ ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረ። መቶ አርባ በሰባት ከሃያ፣ አንድ ሺህ ስምንት ብር ነው። የበሬ ደመወዝ።

መምህር ጊዜ አላጠፉም። «እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሰባት ብር ወይስ ስድሳ ብር?» ብለው እጅ አስወጡ። የሰኔዎቹ እጅ እንደ ማሽላ ብቅ አለ፤ አዳራሹ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት እነሱ ናቸው፤ ተበድረው የገዙትማ ሁለት ሁለት እጅ ያወጡ ይመስሉ ነበር። አያ ክንዱም እጁን አነሣ። በስድሳ ቢሆን ስምንት ሺህ አራት መቶ ያገኛል። ቆጣሪው መቶ አርባ ላይ ሲደርስ እትዬ ምሥራቅ የባሏን ክንድ ይዛ ወደ ታች ጎተተችና ቆመች።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ድምፅ እየተሰጠ ነው እመቤቴ።»

«በሬው የሁለታችን ነበር፤ የሚሰጠው የኔም ድምፅ ነው፤ ይሰማ። ዳልቻው ከሄደ ወዲህ አንድ በሬ ቀረን። ከጎረቤታችን ከሙሉሰው በሬ ጋር አቀናጀነው። አንድ ቀን ለሱ፣ አንድ ቀን ለኛ እያልን አረስን። አልበቃም፤ ግማሹን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጠን። ዘንድሮ ከዚያ ከገዛ ማሳችን ግማሽ እህል ነው የምናስገባው። ይሄ የኛ ቂልነት ነው፤ ማንንም አልወቅስበትም።» ወደ ባሏ አየች፤ መውቀሷ ነበር። «ነገር ግን ሙሉሰው ጋ ሄጄ፣ በሬዬ አንድ ቀን ተጠምዶልሃልና ያመቱን እህል እኩል አካፍለኝ ብለው፣ ምን ይለኛል? ባለጌ ይለኛል። ሰው የሚቀናጀው ቀን ቆጥሮ ነው። ምነው፣ ከተማ ስትገቡ ቀን መቁጠር ተዋችሁ?»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ዘጠና ብር ያሉን እርስዎ ነዎት። ዘጠና ብር ካለዎት ከኪስዎ ያውጡልን፣ እቀበላለሁ። ከሌለዎት ከዚች በርበሬ ከምትሸጠው ሴትዮ መቀነት ፈትተው አይስጡኝ። እኔ እሷን አላውቃትም፤ እንጀራዋን ግን አልበላም።»

ተቀመጠች። አያ ክንዱ እጁን መልሶ አላነሣም። ከዚያ ወዲያ ሌላው እጅ አንድ አንድ እያለ ወረደ፤ አብዛኛው ከማፈር ነው እንጂ ከማመን አይመስለኝም። እንደገና ሲቆጠር ዘጠና አራት ሆነ። ከኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ጉባዔውን ሊታዘብ የመጣው ባለሙያ እስከዚያ ድረስ የታሸገ ውኃውን ሲጠጣ ቆይቶ፣ ደንቡ እንዳልተሻሻለ በቃለ ጉባዔ እንዲያዝ አሳሰበ። መምህር የመዝጊያ ንግግር አደረጉ። ርዕሱ የሕግ የበላይነት ነበር።

ሰው ሲበተን ባልና ሚስቱ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። የተናገረችው እሷ ናት።

«አንድ ሺህ ስምንቱን እንፈርማለን። ሰባ ሺሁን ስጭን። አውድማ እየደረሰ ነው፣ ከዚያም እርሻ ነው። በሬ እንፈልጋለን።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለሰው አልመኘውም። ዕጣ ቁጠባ አይደለም አልኳቸው። ከማኅበሩ ካልወጡ በስተቀር አይመለስም፤ ቢወጡም በደንባችን የሚከፈለው የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ ኦዲት ከሆነ በኋላ፣ የዛሬ ዓመት ነው። ያለው መንገድ ለሌላ አባል ማዛወር ነው፤ የሚገዛ አባል ከተገኘና ኮሚቴው ካጸደቀ። እሷ አዳራሹን ዞር ብላ አየችው። ያን ዕለት ሰባት ከሃያ ከሰማ ሰው መሀል ዕጣ የሚገዛ አልነበረም። መምህርም ብድራቸውን እየከፈሉ ነው።

ማኅበሩ ውስጥ ሰማንያ አራት ሺህ ብር ቁጠባ አለኝ። በስድስት ዓመት ያጠራቀምኩት ነው፤ አንድ ቀን የራሴን የሒሳብ ቢሮ ልከፍትበት ነበር። ዕጣ ግን አባል ለመሆን ግድ ከሆኑት ከሁለቱ በላይ ገዝቼ አላውቅም። አባቴ አብዱልመናን ወለድ ቤቱ እንዳይገባ አጥብቆ የሚጠነቀቅ ሰው ነው፤ እኔም ደመወዜን የላቤ ነው ብዬ እበላለሁ፣ የቁጠባ ወለድና ከወለድ የመጣ የዕጣ ትርፍ ግን ለችግረኛ ሰጥቼ ነው ወደ ቤት የምገባው። ስለዚህ «እኔ እገዛዋለሁ» ስል፣ ከትርፉ አምስት ሳንቲም የማልበላውን መቶ አርባ ዕጣ ለመግዛት መስማማቴ ነበር። እንዲህ ያለ ገበያተኛ መምህርም በንግግራቸው ፈጥረው አያውቁም።

ለአባቴ ስነግረው ጨርቅ መለካቱን ሳያቆም፣ «ዝም ማለት ይሄን ያህል ውድ መሆኑን ሳላውቅ አረጀሁ» አለኝ።

ኮሚቴው በሳምንቱ አጸደቀ። መምህር ፈረሙ፤ የኔን ውል ጉዳይ ታኅሣሥ ላይ እንደሚያዩት ነገሩኝ። እትዬ ምሥራቅና አያ ክንዱ ማክሰኞ መጡ። እሷ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ እሱ አጠገቧ ቆሞ ባርኔጣውን ያዟዙር ነበር። ያን የመሰለ በሬ አሁን ሰባ ስምንት ሺህ ገብቷል አሉኝ። የጎደለውን ልሙላ አልኳት። ሁለት በግ እንሸጣለን አለች። አያ ክንዱ ፈጣሪ ይስጥልኝ እያለ መመረቅ ሲጀምር በክርኗ ነካ አደረገችው።

«ለምኑ ነው የምትመርቃት?» አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ሸጋ ሠርተሻል ልጄ። ግን አምና ጉባዔው ላይ ተነሥተሽ ‹አንድ ነገር ቀርቷል› ብትይ ኖሮ፣ በነፃ ነበር።»

ፌስታሉን በነጠላዋ ሥር አድርጋ ወጣች። እኔ የዝውውር ቅጹን ወስጄ፣ በገዢው ፊርማ ቦታ ላይ ፈረምኩ።